የተሳሳተ ዋቢን ለአማካሪ የሚያሳውቅ ኢሜይል

አንድ የታሪክ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስለ ክፉ ቀን ይጽፋል እንበል፤ ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. ከብቱንም ሰውንም ስለፈጀው ረሃብ። ከአገሪቱ ከብት ዘጠና ከመቶው አለቀ የሚለውን ግምት ያስቀምጥና በግርጌ ማስታወሻ ሪቻርድ ፓንክኸርስትን ይጠቅሳል። ፓንክኸርስት በኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ ላይ ርእሳቸው የሚቀራረብ ሁለት መጻሕፍት አሉት። በ1961 የወጣው እስከ 1800 ድረስ ያለውን ዘመን ሲይዝ፣ በ1968 የወጣው ከ1800 እስከ 1935 ያለውን ይዟል። ተማሪው የጠቀሰው የመጀመሪያውን ነው። በ1800 የሚያበቃ መጽሐፍ ደግሞ ስለ ክፉ ቀን ሊመሰክር አይችልም፤ ፈታኙ ገጹን ሳይገልጥ ከርእሱ ብቻ ይደርስበታል።

ተማሪው ይህን ያየው ረቂቁን ለአማካሪው ከላከ በኋላ ነው። የመጽሐፉን ርእስና ዓመት ለውጦ ዝም ማለት ይችላል። ግን የገጽ ቁጥሩ ከየት መጣ? መጽሐፉን አልከፈተውም፤ ማስታወሻውን ከሌላ ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ገልብጦታል። ኢሜይሉ በግልጽ መናገር ያለበት ይህንን ነው። የእጅ ስሕተት ከሆነ አንድ መስመር ታርሞ ያልቃል፤ ግልበጣ ከሆነ ግን ከዚያው ጽሑፍ የተወሰደው ሁሉ እንደገና መታየት አለበት።

ኢሜይሉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በላክሁልዎ ሁለተኛ ምዕራፍ ውስጥ የግርጌ ማስታወሻ 12፣ 15 እና 23 የተሳሳቱ ናቸው። ሦስቱንም ከሌላ የመመረቂያ ጽሑፍ ወስጄ፣ መጻሕፍቱን ራሴ እንዳነበብኩ አድርጌ ጠቅሻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የ15ን ምንጭ አግኝቼ ገጹን አረጋግጫለሁ። የ23ን መጽሐፍ ስላላገኘሁት፣ በማን ጽሑፍ ውስጥ ተጠቅሶ እንዳየሁት ገልጬ ልጽፈው አስቤያለሁ። 12 ላይ ያለውን ግምት በ1968ቱ የፓንክኸርስት መጽሐፍ እየፈለግሁ ነው፤ ካጣሁት ቁጥሩን አወጣዋለሁ፤ በእሱ ላይ የቆመውን አንቀጽም እንደገና እጽፋለሁ። የታረመውን ምዕራፍ፣ ለውጦቹን በቀለም ለይቼ፣ እስከ ዓርብ እልክልዎታለሁ። እስከዚያ የቀድሞውን ባያነቡት እመርጣለሁ።»

ይቅርታው አንድ ጊዜ ብቻ ተነግሮ ታልፏል፤ ይህም ተገቢ ነው። አማካሪው በቅድሚያ ማወቅ የሚፈልገው ስሕተቱ የት እንዳለና ክርክሩን ይነካ እንደሆነ ነው። 15 እና 23 የምንጭ ጉዳይ ናቸው፤ ቢታረሙም የምዕራፉ ሐሳብ አይለወጥም። 12 ግን ሌላ ነው። ተማሪው ገበሬው ያለ በሬ እንዴት እንደቀረ ያስረዳው በዘጠና ከመቶው ግምት ተመርኩዞ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ከወጣ ማስረጃውን ከሌላ ቦታ ማምጣት ይኖርበታል። ብዙ ተማሪዎች ሦስቱን እኩል አድርገው ይዘረዝራሉ፤ ከባዱም በቀላሎቹ መካከል ይጠፋል።

ምዕራፉ ለሁለተኛ አንባቢ ተላልፎ ከሆነም ኢሜይሉ ያንን ማንሣት አለበት። ለዚያ አንባቢ ማን እንደሚያሳውቅ የሚወስነው አማካሪው ስለሆነ፣ ተማሪው አስቀድሞ ይጠይቃል እንጂ በራሱ አይልክም።