የፓስካል ጎነ ሦስት፦ ረጅሙን ማባዛት በመደመር

(2x − 3)⁴ን ለመዘርዘር ቅንፉን አራት ጊዜ ጽፎ ማባዛት ይቻላል፤ ነገር ግን አድካሚ ነው፤ ለስህተትም ያጋልጣል። አቋራጩ የፓስካል ጎነ ሦስት ነው። በፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ስም ቢጠራም፣ የቻይናና የፋርስ ሊቃውንት ከእሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ቀድመው ያውቁት ነበር።

ከላይ 1 ይጻፋል። ከዚያ በታች እያንዳንዱ ረድፍ በ1 ጀምሮ በ1 ያበቃል፤ በመካከል የሚገባው ቁጥር ከበላዩ ያሉት የሁለቱ ድምር ነው።

```
    1
   1 1
  1 2 1
 1 3 3 1
1 4 6 4 1
```

ርቢው 4 ስለሆነ፣ ሁለተኛ ቁጥሩ 4 የሆነውን ረድፍ እንወስዳለን። የ2x ርቢ ከ4 እስከ 0 ይወርዳል፤ የ−3 ደግሞ ከ0 እስከ 4 ይወጣል፦

(2x)⁴ + 4(2x)³(−3) + 6(2x)²(−3)² + 4(2x)(−3)³ + (−3)⁴

ሲሰላ፦ 16x⁴ − 96x³ + 216x² − 216x + 81

መካከል ላይ 6 የመጣው ያለምክንያት አይደለም። ከአራቱ ቅንፎች −3 የሚወሰድባቸውን ሁለቱን ለመምረጥ ስድስት መንገዶች አሉ።

ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት (2x)⁴ን 2x⁴ ብለው ሲጽፉ ነው፤ ርቢው 2ንም ስለሚመለከት ትክክሉ 16x⁴ ነው። የመቀነስ ምልክቱም ርቢው ጎዶሎ በሆነበት ሁሉ ይቀራል።

መልስዎን ለማረጋገጥ በx ቦታ 1 ያስገቡ። (2 − 3)⁴ 1 ነው፤ 16 − 96 + 216 − 216 + 81ም 1 ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ መጀመሪያ ምልክቶቹን ይፈትሹ።