በማሰሮ ስለምታድግ የቡና ችግኝ፦ ጥልቀት፣ እርጥበትና የተጣራ ብርሃን



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት የቡና ችግኝ ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር በሚገኝ ቤት በረንዳ ላይ፣ አፉ በተቆረጠ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውስጥ የተተከለች ነበረች። የጀሪካኑን ወገብ ቆርጬ፣ ከሥሩ ቀዳዳ አበጅቼ የተከልኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱም የእኔ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ጉድለት አልታየባትም። በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ግን በየቀኑ እኩለ ቀን ሲሆን ቅጠሏ ይጠወልግ ጀመር። ውሃ የጠማት መስሎኝ ጨመርኩ፤ ባሰባት። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ብከተው እርጥብ ነበር። ምልክቱን ማንበብ የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው፤ አፈሩ ደርቆ ቅጠል ሲጠወልግ ጥማት ነው፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሲጠወልግ ግን ሥሩ መጠጣት አቅቶታል ማለት ነው። አውጥቼ ሳያት ዋናው ሥር የጀሪካኑን ወለል ነክቶ እንደ መንጠቆ ታጥፏል፤ ከታች ያሉት ቀጫጭን ሥሮችም ቡናማ ሆነው ይሸታሉ።

ጀሪካኑ ከ15 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ጥልቀት ነበረው። የቡና ችግኝ ገና በልጅነቷ አንድ ዋና ሥር ቀጥ አድርጋ ወደ ታች ትልካለች። ያ ሥር ወለል ነክቶ ታጥፎ ከጠነከረ በኋላ ወደ ሰፊ ማሰሮ ብትዛወርም አይቃናም። ይህ የጥልቀት አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። ማንኛውም ማሰሮ ውሃ ጠጥቶ ካንጠፈጠፈ በኋላ፣ ከወለሉ በላይ ያለው የአፈር ንብርብር ውሃ እንደያዘ ይቀራል። የንብርብሩን ውፍረት የሚወስነው የአፈሩ ቅንጣት እንጂ የማሰሮው ጥልቀት አይደለም። ንብርብሩ 5 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ማሰሮ ውስጥ የአፈሩን ሲሶ ይይዛል፤ በ30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ግን ስድስተኛውን ብቻ። የተጠራጠረ ሰው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አርሶ አግድም ይያዘው፤ መንጠባጠቡን ሲያቆም ወደ ላይ ያቁመው። እንደገና ይንጠባጠባል።

በዚሁ ምክንያት ከማሰሮው ወለል ጠጠር መደልደል የተለመደ ቢሆንም አይረዳም። ውሃው ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠሩ በቀላሉ ስለማይሻገር፣ ረግረጉ ከጠጠሩ በላይ ይቀመጥና ወደ ሥሩ ይቀርባል።

እኔ የታጠፈውን የሥር ጫፍ በንጹሕ ምላጭ ቆረጥኩ፤ የበሰበሱትን አስወገድኩ፤ የተቀነሰው ሥር መመገብ እንዳያቅተው ከቅጠሉም ጥቂት ቀነስኩ። ከዚያም 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው፣ ነገር ግን ሰፊ ባልሆነ የሸክላ ማሰሮ ተከልኳት። ትንሽ ሥር በሰፊ አፈር መካከል ሲቀመጥ ያልተጠጣው ውሃ ይከርማልና። አፈሩ ሁለት እጅ ከዛፍ ሥር የመጣ የላይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ውሃ የማጠጣው የላይኛው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲደርቅ ብቻ፣ ከታች እስኪፈስ ድረስ ነው።

ስለ ውሃውም አንድ ነገር ልጨምር። የአርዲቦ ውሃ ወደ አልካላይነት ያደላል፤ ቡና ግን ለዘብ ያለ አሲዳማ አፈር ትወዳለች። በማሰሮ ያለች ችግኝ ለረጅም ጊዜ በሐይቁ ውሃ ብቻ ብትጠጣ አፈሩ ቀስ በቀስ ይለወጥና ብረትን ለሥሩ መስጠት ያቅተዋል። ያን ጊዜ አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሲሆኑ ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። የክረምቱን የጣራ ውሃ አጠራቅሞ መጠቀም ይህን ያቀልላል።

ብርሃንን በተመለከተ፣ አረቢካ ቡና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ልጅ ናት፤ በትላልቅ ዛፎች ሥር፣ በቅጠል በተጣራ ብርሃን አድጋለች። ለጋ ችግኝ ቀትር ላይ ሙሉ ፀሐይ ሲያገኛት ቅጠሏ ይገረጣል፣ ከዚያ ቡናማ ጠባሳ ያወጣል። ጥላ ሲበዛባት ደግሞ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ግንድ ይረዝማል፤ ወደ ብርሃኑም ታዘነብላለች። የእኔዋ እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ታገኛለች፤ ከዚያ በኋላ በሣር በተከደነ ሳሳ ያለ ዳስ ሥር ትውላለች። ሣሩን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት አሳሳለሁ፤ በአንድ ቀን ገልጦ ማንሣት ያቃጥላታል።

አርዲቦ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ስለሚል የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ያሳስበኛል። ውርጭ በአንድ ሌሊት ቅጠሉን ያጠቁራል። በነዚያ ወራት ሲመሽ ማሰሮውን ወደ ቤት አስገባለሁ፤ ሲነጋ አወጣለሁ። ችግኟ ከተዛወረች በሁለተኛው ወር አዲስ የቅጠል ጥንድ አውጥታለች፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ ከማሰሮው ቀዳዳ ነጭ የሥር ጫፍ አይቻለሁ፤ ሥሩ እንደገና ከመታጠፉ በፊት ይበልጥ ጥልቅ የሆነ ማሰሮ መፈለግ ይኖርብኛል።