ማሽኑ ላይ ያለው ፊደል

አንድ የከተማ ውሃ አገልግሎት ለጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ የገዛውን የኢንቨርተር መመሪያ ወደ አማርኛ ሲያስተረጉም አስቀድሞ የሚያሳስበው አንድ ነገር አለ፤ ኦፕሬተሮቹ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ አንድም የላቲን ፊደል እንዳይቀር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሌሊት ፓምፕ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚያድረው ተረኛ የሚያነበው ነገር በገዛ ቋንቋው ሊሆን ይገባል። ረቂቁ ሲደርሰው ግን በአማርኛው ጽሑፍ መሐል OL1፣ kW፣ U፣ V፣ W እያለ የሚሄድ ነገር ያገኛል፤ ሥራው በግማሽ የቀረም ይመስለዋል። እኔ የምሠራው ይህንኑ ትርጉም ነው። ለደንበኛ ማስረዳት የምጀምረው ከወረቀቱ ሳይሆን ከማሽኑ ፊት ነው።

ኢንቨርተር ከመስመር የሚመጣውን 50 Hz ኤሌክትሪክ ተቀብሎ፣ ድግግሞሹን ከፍና ዝቅ እያደረገ የፓምፑን ሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠር ሳጥን ነው። ብዙዎቹ ፊታቸው ላይ በቀይ የሚበራ ትንሽ ማሳያ አላቸው። እያንዳንዱ አሃዝ የተሠራው ከሰባት አጫጭር መስመሮች ነው፤ ሁሉም ሲበሩ 8 ይሆናሉ፣ ከፊሉ ሲጠፋ ደግሞ ሌሎቹ ቁጥሮችና እንደ E፣ F፣ H፣ L፣ P፣ U ያሉ ጥቂት የላቲን ፊደላት ይወጣሉ። በሰባት መስመር «ጭ»ን ወይም «ሞ»ን መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ማሳያው ላይ የሚበራው OL1 ነው፤ ማሽኑ እስኪያረጅ ድረስም ይኸው ነው።

አሁን መመሪያው ይህንን «ኦኤል1» ብሎ ጻፈው እንበል። ኦፕሬተሩ ማሳያውን አይቶ ገጹን ለማግኘት በመጀመሪያ ክቧ ፊደል «ኦ»፣ ማዕዘን የምትመስለው ደግሞ «ኤል» ተብላ እንደምትጠራ ማወቅ አለበት። ይህ የእንግሊዝኛ ፊደላት ንባብ ነው። በግእዝ ፊደል የጻፍነው እንግሊዝኛ ለማያነበው ሰው ብለን ነበር፤ የሚጠቅመው ግን እንግሊዝኛ ለሚያነበው ብቻ ሆነ። OL1 እንዳለ ከተቀመጠ ኦፕሬተሩ ማንበብ አይጠበቅበትም። ቅርጽን ከቅርጽ ጋር ያስተያያል፤ ከጎኑ ያለውን አማርኛ ያነባል።

ሳጥኑ ሲከፈት ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በአብዛኞቹ ኢንቨርተሮች ከመስመር የሚመጡት ሦስት ገመዶች የሚታሰሩት R፣ S፣ T በተባሉት ተርሚናሎች ላይ ነው፤ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ደግሞ ከU፣ V፣ W ይወጣሉ። የሞተር ገመዶችን U፣ V፣ W ብሎ መሰየም የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ ስለሆነ፣ ሞተሩ ከየትም አገር ቢመጣ ፊደላቱን ይዞ ይመጣል። የመስመሩን ገመድ ተሳስቶ U፣ V፣ W ላይ ያሰረ ሰው መብራቱን በለቀቀበት ቅጽበት ኢንቨርተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። በፕላስቲኩ ላይ በተቀረጸው ፊደልና በመመሪያው ፊደል መካከል አንድም የመገመቻ እርምጃ መኖር የለበትም።

ሌላው ችግር ቀስ ብሎ የሚታይ ነው። ፓምፑ ወደ ኋላ ሲዞርም ውሃ ይወጣል፤ የሚወጣው ግን ያነሰና ግፊቱ የደከመ ነው። ከተራ ማስነሻ ጋር የሠራ ኤሌክትሪሻን እንዲህ ሲገጥመው ከመስመሩ ሁለት ገመዶች ቦታ ያለዋውጣል፤ ሞተሩም አቅጣጫውን ይቀይራል። ኢንቨርተር ባለበት ግን R እና Sን ማለዋወጥ ምንም አያመጣም። ኢንቨርተሩ የመጣለትን ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ለውጦ በውስጡ እንደገና ስለሚሠራው፣ የሞተሩን አቅጣጫ የሚወስነው የውጪው ቅደም ተከተል ብቻ ነው። መቀየር ያለባቸው ከU፣ V፣ W ሁለቱ ናቸው፤ ያውም ኃይሉ ተቋርጦ፣ በውስጡ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ በመመሪያው የተጻፈው ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ። ከዚያ ፍሰቱ ከበፊቱ ጋር ይነጻጸራል፤ ብዙ ውሃ የሰጠው አቅጣጫ ትክክለኛው ነው። ይህን ሁሉ በአማርኛ አብራርቶ መጻፍ ይቻላል፣ ይገባልም። ስድስቱ ፊደላት ግን በሳጥኑ ላይ ባሉበት መልክ ይቀመጣሉ።

ደንበኞች አጥብቀው የሚከራከሩኝ በመለኪያዎቹ ላይ ነው። «ኪ.ሜ. እና ኪ.ግ. ብለን እንጽፍ የለም ወይ? kW ለምን ኪ.ዋ. አይሆንም?» ይላሉ። ኪ.ሜ. ጥሩ ነው፤ የመንገድ ርቀት የሚያነብ ሰው አይሳሳትበትም። የኤሌክትሪክ መለኪያዎች ግን በትልቅና በትንሽ ፊደል ልዩነት ላይ የቆሙ ናቸው። ሞተሩ ጉድጓድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሽቦዎቹ ሽፋን በሜገር ይፈተሻል። ጤነኛ ሽፋን በሜጋ ኦም፣ ማለትም በMΩ ይለካል። የወፍራም ገመድና የግንኙነት ነጥቦች ተቃውሞ ደግሞ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በሚሊ ኦም፣ በmΩ ይጻፋል። በአንዲት ፊደል ትልቅነት ብቻ የሚለያዩት ሁለት ምልክቶች በመጠን አንድ ቢሊዮን እጥፍ ይራራቃሉ። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም። «ሜ» ብለን እንዳናሳጥረው ሜትርን ይዞታል፤ «ሚ» እና «ሜ» ደግሞ በደብዛዛ ፎቶ ኮፒ ላይ ሊምታቱ የሚችሉ ፊደላት ናቸው። የፈታሹ መሣሪያ መስኮት ግን MΩ ብሎ በግልጽ ያሳያል።

ዓለም አቀፉ የመለኪያዎች ቢሮም የመለኪያ ምልክቶችን እንደ ምሕጻረ ቃል አይቆጥራቸውም። እንደ መደመርና መቀነስ ምልክት ሁሉ በየቋንቋው የማይለወጡ የሒሳብ ምልክቶች ናቸው ይላል። የመለኪያው ስም ግን የየቋንቋው ነው፤ ዋት፣ ቮልት፣ ሜጋ ኦም ብለን በፊደላችን መጻፋችን ትክክል ነው። በተከታታይ ጽሑፍ ውስጥ «ሰባት ተኩል ኪሎ ዋት» ማለትን እኔም እመርጣለሁ። በሠንጠረዥ፣ በቀመርና በሞተሩ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን በምንጠቅስበት ቦታ ግን 7.5 kW ይሆናል።

አንዳንድ ደንበኛ «ሩሲያውያን በራሳቸው ፊደል ይጽፉት የለም?» ሲል ይጠይቃል። እውነት ነው። የሩሲያ የደረጃ ሰነድ በሲሪሊክ ፊደል የሚጻፉ የመለኪያ ምልክቶችን አንድ በአንድ ደንግጓል፤ የላቲኖቹንም ይፈቅዳል፣ በአንድ ጽሑፍ ሁለቱን ማደባለቅን ግን ይከለክላል። ሲሪሊክ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስላለው ሚሊና ሜጋ እዚያም አይምታቱም። በአማርኛም ቢሆን አንድ ሥልጣን ያለው አካል ሙሉ ዝርዝር አውጥቶ፣ ፋብሪካዎች በሰሌዳዎቻቸው ላይ ቢቀርጹት፣ መመሪያውም ያንኑ ይከተል ነበር። አንድ ተርጓሚ በአንድ የፓምፕ መመሪያ ውስጥ ብቻውን የሚፈጥረው ምሕጻር ግን ከዚያች መጽሐፍ ውጭ የትም አይገኝም።

መመሪያው በኮምፒውተር የሚነበብ ከሆነ ሌላም ነገር ይጨመራል። ኢንቨርተርን አንዱ ኢንቬርተር፣ ሌላው ኢንቨርትር ብሎ ይጽፈዋል፤ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ደግሞ ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ናቸው። P02.05 ብሎ የፈለገ ሰው ግን የተጻፈበትን ገጽ ሁሉ ያገኛል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ደንበኛው የሚቆጣበት ሌላ ነገር አለ፤ በዚያ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ። «የቴክኒክ ቃል ነው» እየተባለ ሊተረጎም የሚገባው ሁሉ እንዳለ ይተዋል። «ኦቨርሎድ ፎልት ሲኖር ሞተር ከረንት ቼክ ያድርጉ» የሚል ዓረፍተ ነገር አማርኛ አይደለም፤ የተሠራበትም ሰው ገንዘቡን በከንቱ ከፍሏል። ፊደሉ ግእዝ ስለሆነ ብቻ ተተርጉሟል ማለት አይቻልም። እንደ ፓምፕ፣ ሞተር፣ ቫልቭና ተርሚናል ያሉት ቃላት ቋንቋችን ተቀብሏቸዋልና በፊደላችን ይጻፉ። ፍሰት፣ ግፊት፣ ጭነት፣ ፍጥነትና ሽፋን ደግሞ የራሳችን ቃላት ናቸው። በላቲን የሚቀረው ዓይን ማሽኑ ላይ የሚያየው፣ ጣት የሚነካው ወይም በቀመር ውስጥ የሚገባው ብቻ ነው። በዚህ መስፈርት ሲጣራ ከአንድ ገጽ ላይ የሚተርፈው የላቲን ጽሑፍ በጣም ጥቂት ነው።

ከላይ የጠቀስኩት OL1 በደንብ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል። ማሳያው ላይ OL1 ሲበራ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ጭነት በዝቶበት ኢንቨርተሩ አቁሞታል ማለት ነው። ወዲያው መልሰው አያስነሱት። በመጀመሪያ P02.05 የተባለውን ቦታ ይክፈቱና በውስጡ ያለውን ቁጥር በሞተሩ ሰሌዳ ላይ በA ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ። ሰሌዳው 17.5 A ብሎ ውስጡ 15 ከተሞላ፣ ኢንቨርተሩ ጤነኛ ሞተርን ያለ ምክንያት ያቆማል። 25 ከተሞላ ደግሞ በእውነት ሲጫን አይቆምም፤ ሞተሩ ጉድጓድ ውስጥ ይቃጠላል። ቁጥሮቹ ከተስማሙ ችግሩ ከፓምፑ ነው፤ አሸዋ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይጥሩ። የቦታዎቹ ቁጥርና የምልክቶቹ አጻጻፍ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ስለዚህ ይህ አንቀጽ ለሌላ ኢንቨርተር እንዳለ አይገለበጥም።

በዚህ አጻጻፍ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አማርኛ «የ»ን፣ «በ»ን እና «ን»ን ከቃሉ ጋር ያጣብቃል፤ «የP02.05ን ቁጥር» ብለን ስንጽፍ ኦፕሬተሩ ምልክቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ሊጠራጠር ይችላል። «P02.05 የተባለው» ወይም «OL1 ሲበራ» ማለት ምልክቱን ነጻ ይተወዋል። በሰባት መስመር ማሳያ ደግሞ O እና 0፣ S እና 5 አንድ ዓይነት ሊመስሉ ስለሚችሉ፣ ከእያንዳንዱ ምልክት ጎን የማሳያው ፎቶግራፍ ቢገባ ክርክሩ ያበቃል።

ደንበኛው አሁንም ካላመነ ረቂቁን ይዘን ወደ ፓምፕ ቤቱ እንሄዳለን። የማሳያውን ፎቶግራፍ ለተረኛው ሰጥተን፣ ገጹን ፈልጎ ምን እንደሚያደርግ እንዲነግረን እንጠይቀዋለን፤ ማንም አይረዳውም። ብዙውን ጊዜ OL1ን ለማግኘት አይቸገርም። የሚያቆመው እኛ ያረዘምነው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያን ዓረፍተ ነገር እዚያው ቆመን አስተካክለን እንመለሳለን።