ጎግል ስንት ወር ይጠብቃችሁ?

«እኔ አንድ ነገር ብሆን ፓስወርዱን እህቴ ታውቀዋለች» የሚል ሰው ጎንደር ውስጥ ብዙ እሰማለሁ። ፓስወርድ ብቻውን ግን ላይበቃ ይችላል። እህት ከራሷ ስልክ ልትገባ ስትሞክር ጎግል የማረጋገጫ ኮዱን ወደ ወንድሟ ሲም ከላከው፣ ያ ስልክ ደግሞ ከተቆለፈ ወይም ሲሙ ከተዘጋ፣ እዚያው ትቀራለች።

ጎግል ለዚህ Inactive Account Manager የሚባል ማስተካከያ አለው። myaccount.google.com/inactive ላይ ገብታችሁ አካውንቱ ስንት ወር ካልተነካ ለቤተሰብ ይነገር የሚለውን ትመርጣላችሁ፤ 3፣ 6፣ 12 ወይም 18 ወር። ከዚያ እስከ 10 የምታምኗቸውን ሰዎች ትመዘግባላችሁ፤ ለማን ፎቶ፣ ለማን ኢሜይል እንደሚደርስም ትለያላችሁ።

ዋናው ጥያቄ የወሩ ቁጥር ነው። 3 ወር ፈጣን ስለሆነ ደስ ይላል። ግን አስታውሱ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ዋይፋይ ያላገኘ ሰው በሕይወት እያለ ለጎግል እንደጠፋ ሰው ሊታይ ይችላል። ጊዜው ከማለቁ በፊት ማስጠንቀቂያ በኤስኤምኤስና በኢሜይል ይላካል፤ ቢሆንም እኔ የምመርጠው 12 ወር ነው። ከ2 ዓመት በላይ አትዘግዩ፤ ጎግል 2 ዓመት ያልተነካ የግል አካውንት ሊሰርዝ ይችላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ልጁ ጎንደር ይሠራል እንበል፤ እናቱ ጃናሞራ በቁልፍ ስልክ ትጠቀማለች፣ እህቱ ደባርቅ ናት። የሚመዘገበው ኢሜይል ያላት እህት ናት። ጊዜው ሲደርስ ሊንክ በኢሜይል ይመጣላታል፤ የማረጋገጫ ኮዱም የሚላከው ወደ ራሷ ስልክ ነው። ስለዚህ የሟቹ ሲም አያስፈልጋትም። ግን የምታወርድበት ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው። ቁጥሯን ከቀየረች ደግሞ እሱ በጊዜው ማስተካከል ነበረበት። ሌላም አለ፦ ቤተሰቡ የእሱን አንድሮይድ ስልክ ቻርጅ እያደረገ ከኢንተርኔት ጋር ካቆየው፣ ጎግል ባለቤቱ አለ ብሎ ስለሚቆጥር ቆጠራው አይጀምርም።

ይህ መንገድ ለድንገተኛ ሕመም አይሆንም፤ ሐኪም ቤት ለተኛ ሰው 12 ወር ብዙ ነው። ለባንክ ጉዳይ ጤነኛ ሳላችሁ ውክልና መስጠት ይሻላል። እሱም ሰው ሲሞት ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ወራሾች ፍርድ ቤት ሄደው የወራሽነት ማረጋገጫ ያወጣሉ። ስለዚህ የቴሌብር ፒን ለሰው ከመስጠት ይልቅ፣ የትኛው ባንክና የትኛው ስልክ ቁጥር ላይ ገንዘብ እንዳላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። ወራሹ የት ሄዶ እንደሚጠይቅ ካላወቀ ማረጋገጫውን ይዞ ይንከራተታል።