ሁለት ጊጋባይት ለአንድ ወር፦ የሞባይል ዳታን መገደብ

ደረስጌ የሚኖር አንድ ሰው 2 ጊጋባይት የወር ጥቅል ገዛ እንበል። ዋይፋይ የሚያገኘው ደባርቅ ወይም ጎንደር ሲሄድ ብቻ ነው። ጥቅሉ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 68 ሜጋባይት ገደማ ይደርሰዋል። ከቴሌግራም ቻናሎች ባለ 10 ሜጋባይት ቪዲዮ ሰባት ጊዜ በራሱ ከወረደ፣ አንዱንም ሳይከፍት የቀኑ ድርሻ አልቋል።

አንድሮይድ ስልክ ላይ የዳታ አጠቃቀም ገጽ ውስጥ «Data warning & limit» የሚል አለ። ማስጠንቀቂያውን 1.5፣ ገደቡን 1.8 ጊጋባይት ላይ ማድረግ ይበጃል፤ የስልኩ ቆጠራና የቴሌው ቆጠራ ሁልጊዜ ስለማይገጥሙ ትንሽ መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ገደቡ ሲሞላ ስልኩ ራሱ የሞባይል ዳታውን ያጠፋል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገደቡ ሞልቶበት ሌላ ጥቅል የጨመረ ሰው ገደቡን ካላነሳ ዳታው አይከፈትም፤ እሱ ግን ኔትወርክ የጠፋ ይመስለዋል። በ*804# ቀሪ ሂሳብ እየታየ ኢንተርኔት ብቻ እምቢ ካለ፣ መጀመሪያ የሚታየው ገደቡ ነው። ቀኑም ያሳስታል። የ30 ቀን ጥቅል ከኛ ወር ጋር ይገጥማል፤ ጥቅምት 2 የተገዛው ኅዳር 2 ያበቃል። ስልኩ የሚቆጥረው ግን በፈረንጅ ወር ስለሆነ ከኦክቶበር 12 ተነስቶ የሚያድሰው ኖቬምበር 12፣ ማለትም ኅዳር 3 ነው። ይህ የአንድ ቀን መዛነፍ 31 ቀን ባላቸው የፈረንጅ ወራት ስለሚጨምር፣ አዲስ ጥቅል ሲገዛ የዑደቱን ቀን ማስተካከል ነው።

ቀጥሎ ስልኩ ኪስ ውስጥ ሳለ የሚበላው ዳታ አለ። የፌስቡክን ወይም የቲክቶክን «Background data» ማጥፋት ያንን ያቆማል፤ መተግበሪያውን ከፍቶ ቪዲዮ ላየ ሰው ግን ምንም አያድንለትም። ቴሌግራምን እንዲህ ካጠፉት መልእክቱ ይዘገያል። ስለዚህ እሱ ላይ በሞባይል ዳታ በራሱ ማውረዱን ብቻ መዝጋት ይሻላል፤ ዋትሳፕም እንዲሁ። የፕሌይ ስቶርን ማሻሻያ «Over Wi-Fi only» ላይ ማድረግ፣ የፎቶ ምትኬም በሞባይል ዳታ እንዳይሄድ መከልከል ነው።

ዋይፋይ ሁሉ ግን ነጻ አይደለም። ጓደኛ ሆትስፖት ሲከፍትልን የኛ ስልክ አንዳንዴ እንደ ቤት ዋይፋይ ይቆጥረውና ሲጠብቅ የከረመውን ማሻሻያና ፎቶ ሁሉ በጓደኛችን ጥቅል ይጀምራል። የተገናኘንበትን ዋይፋይ ስም ተጭነን «Treat as metered» ብንመርጥ ስልኩ እንደ ሞባይል ዳታ ቆጥሮ ይቆጠባል። ደባርቅ ሆቴል ገብተን ትክክለኛ ዋይፋይ ስናገኝ ያ ምርጫ ለዚያኛው ኔትወርክ አይሠራም፤ ለየኔትወርኩ የሚቀመጥ ነውና ማሻሻያው ያኔ ይወርዳል።