ጠዋት አስተማሪ፣ ማታ አስጠኚ

ሁለት የሒሳብ ደብተሮች ጎን ለጎን ይገለጡ። ባለቤቶቻቸው የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። በመጀመሪያው ደብተር የኳድራቲክ እኩልታ ትርጉም አለ፣ አንድ ምሳሌ አለ፣ ከዚያ «የቀረውን ቤት ሥሩ» ተብሎ ገጹ ባዶ ይቀራል። በሁለተኛው ያው ትርጉምና ያው ምሳሌ ይገኛል፤ ከሥሩ ግን በቀይ እስክሪብቶ «ቅዳሜ» የሚል ተጽፎ ሰባት ጥያቄ ከነአሠራራቸው ተደርድሯል። ከአሥር ቀን በኋላ በተሰጠው ቴስት ከሰባቱ አራቱ ቁጥራቸው ብቻ ተቀይሮ መጡ።

ክፍል ውስጥ ያስተማረውም፣ ቅዳሜ ያስጠናውም፣ ቴስቱን ያወጣውም፣ ያረመውም አንድ ሰው ነው።

መምህሩም ልጆቹም ለዚህ ማብራሪያ የታሰቡ ናቸው። ቦታው ደባርቅ ይሁን፤ ትምህርት ቤቱም የመንግሥት። በአንድ ሴክሽን 60 ተማሪ አለ። ከእነዚህ 12ቱ በሳምንት ሦስት ቀን መምህሩ በተከራየው ቤት እየተሰበሰቡ ያጠናሉ፤ ከሦስቱ በቀር እያንዳንዳቸው በወር 300 ብር ይከፍላሉ። በወር 2,700 ብር መሆኑ ነው። ይህን ገንዘብ ከደመወዙ ጎን ካላዩት ጉዳዩ በትክክል አይታይም። ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ 11,500 ብር እንዲሆን ሲወሰን፣ ከዚያ በፊት የነበረው 6,940 ብር ነበር። በቀድሞው ሒሳብ የጥናቱ ገቢ ከደመወዙ ሢሶ ይበልጣል፤ በአዲሱም ሩብ ገደማ ነው። የቤት ኪራይ እየከፈለ የሚኖር ወጣት መምህር ይህን ገንዘብ ቢፈልግ የሚያስወቅሰው ነገር የለም።

ፈላጊው ደግሞ ሞልቷል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት የ2014 የትምህርት ዘመን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመትም ውጤቱ 3.2 በመቶ ነበር። ኩረጃው ሲቀር ምን ያህሉ ልጅ ምን እንደሚያውቅ ወላጅ ሁሉ አየ። በሰሜን ጎንደር ሌላም ምክንያት አለ። በ2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት የዳባት ወረዳዋ ጭና ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ዓመት የጎደለበት ልጅ ያለው አባት «የሚያስጠና ሰው ፈልጉልኝ» ቢል አይገርምም። የልጁን ጉድለት አሳምሮ የሚያውቀው ሰው ደግሞ የክፍሉ መምህር ነው። ጥያቄው ሥር የሰደደውም ለዚህ ነው፤ ለማስጠናት የተሻለው ሰውና ማስጠናት የማይገባው ሰው አንድ ሆነው ተገኝተዋል።

ታዲያ የሙያው ደንብ ምን ይላል? በ1941 የተመሠረተው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር አባል የሆነበት ዓለም አቀፉ የመምህራን ማኅበራት ኅብረት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ታይላንድ ውስጥ ጆምቲየን ላይ የሙያ ሥነ ምግባር መግለጫ አጽድቋል፤ በ2004 ደግሞ አሻሽሎታል። መግለጫው «በገንዘብ አታስጠኑ» አይልም። የሚለው ሌላ ነው፦ መምህር በተማሪው ላይ ያለው ልዩ ቅርበት በምንም መንገድ መጠቀሚያ እንዳይሆን ይጠብቅ፤ ሥልጣኑን በፍትሕና በርኅራኄ ይሥራበት። የእኛው ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው የመምህራን ሙያ ደረጃም ምዘናን ከመምህሩ ዋና ዋና ኃላፊነቶች አንዱ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ላነበበ፣ መመርመር ያለበት መምህሩ ገንዘብ መቀበሉ ሳይሆን ከማን እንደተቀበለ ነው።

መምህሩ ይጠየቅና መልሱን ይስጥ። «ልጆቹ ራሳቸው ለምነውኝ ነው፤ ያስገደድኩት የለም። ሦስት ድሆች በነፃ ይማራሉ። ክፍል ውስጥ የማስተምረውን አልቀነስኩም።» ይህ መልስ ተራ ማመካኛ አይደለም፤ ተራ በተራ ሊታይ ይገባል።

«ለምነውኝ ነው» በሚለው እንጀምር። የደባርቅና የዳባት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ፤ ስንቁ፣ በሶውና ቆሎው፣ ከቤተሰብ ይመጣል። አባት ከአምባራስ ወይም ከሌላ የስሜን ቀበሌ ሆኖ የሚያውቀው ልጁ «የጥናት» ብሎ ገንዘብ መጠየቁን ብቻ ነው። ስለዚህ ወላጅ ፈቀደ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ብቻውን የወሰነውን ነው። ያ ልጅ ደግሞ እምቢ ለማለት ነፃ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ማርኩ በመምህሩ እጅ ነው። መምህሩ አንዲት የማስፈራሪያ ቃል ባይተነፍስም፣ ጓደኞቹ ቅዳሜ ሲሄዱ ያየ ልጅ ሒሳቡን ራሱ ይሠራዋል። ደንቡ «ቅርበቱ መጠቀሚያ አይሁን» ሲል የሚከለክለው በግልጽ ማስገደድን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ጉዳይ አይነካውም ነበር። «በምንም መንገድ» የምትለዋ ቃል ግን እዚህ ድረስ ትደርሳለች።

ሦስቱን ድሆች በነፃ ማስተማሩ መልካም ነው፤ የሚመልሰው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ድሃው ልጅ እንዳይቀር አድርጓል። መምህሩ የሚያስጠናቸውን ልጆች እየመዘነ፣ ከመዘናቸውም ልጆች የወር ገቢ እየጠበቀ መኖሩን ግን አላስቀረም። እንዲያውም የሚከፍሉት ዘጠኝ ብቻ ስለሆኑ፣ አንዱ ቢቀርበት የሚጎዳው ይበልጥ ነው።

ሦስተኛው፣ «ክፍል ውስጥ አልቀነስኩም» የሚለው፣ በቃል የሚፈታ አይደለም። ደግነቱ በወረቀት ይፈተሻል። የመጀመሪያው መፈተሻ ከላይ የተገለጡት ደብተሮች ናቸው። የትምህርት ክፍል ተጠሪው ወይም ሱፐርቫይዘሩ ከሚያጠኑት የሁለቱን፣ ከማያጠኑት የሁለቱን ደብተር ከዓመታዊ ዕቅዱ ጋር ቢያስተያይ፣ ዕቅዱ ላይ «መልመጃ በክፍል» የተባለው የት እንደተሠራ ይወጣል። የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 60 ልጅ ይዞ አጭር መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን የአንዱ መምህር ምዕራፍ ዘወትር ምሳሌው ላይ ቆሞ መልመጃው ቅዳሜ ከተገኘ፣ ሰበቡ የሰዓት እጥረት ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው መፈተሻ ማርክ ሊስቱ ነው፤ እሱ የበለጠ ይናገራል። በምሳሌያችን ትምህርት ቤት ከመቶው 60ው መምህሩ ራሱ የሚይዘው ተከታታይ ምዘና፣ 40ው ትምህርት ክፍሉ በጋራ የሚያወጣው ማጠቃለያ ፈተና ይሁን። የ12ቱ አጥኚዎች አማካይ ከ60 48 ነው፤ የቀሩት 48 ልጆች ደግሞ 36። በመቶኛ 80 እና 60፤ ልዩነቱ 20 ነጥብ። በጋራው ፈተና ግን አጥኚዎቹ ከ40 23፣ ሌሎቹ 21 አመጡ፤ 57.5 እና 52.5፣ ልዩነቱ አምስት ነጥብ ብቻ። ጥናቱ ዕውቀት ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ወደ ጋራው ፈተናም ይከተላቸው ነበር። መምህሩ በሚይዘው ማርክ ላይ ብቻ ሰፍቶ መታየቱ፣ 300 ብሩ የገዛው በአብዛኛው ለመምህሩ ቴስት መዘጋጀትን እንደሆነ ያመለክታል።

ያመለክታል እንጂ አይፈርድም። 12 ልጅ ጥቂት ነው፤ ሁለት ጎበዝ ልጆች አማካዩን ያነሡታል። ተከታታይ ምዘና የቤት ሥራንም ስለሚጨምር፣ የሚያጠና ልጅ የቤት ሥራውን ሠርቶ መምጣቱ ብቻ ማርኩን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ርእሰ መምህሩ ይህን ሠንጠረዥ ይዞ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ከመሮጡ በፊት የቴስቱን ወረቀትና የቅዳሜውን ደብተር ማመሳከር አለበት። ከሰባት ጥያቄ አራቱ ቁጥር ብቻ ተቀይሮላቸው የመጡበት ጉዳይ ግን ብዙ ክርክር አይፈልግም። ፈተናው ለ12 ልጆች አስቀድሞ ተሸጧል፤ መምህሩ እንደዚያ አስቦት ላይሆን ቢችልም።

ሌሎች አገሮች ይህን በአዋጅ ለመቁረጥ ሞክረዋል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው የነፃና የግዴታ ትምህርት ሕግ አንቀጽ 28 መምህር በግል ማስጠናት እንደማይችል ደነገገች። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 የመሠረታዊ ትምህርት ሕጓ በእረፍት ወቅት ተማሪን ለጥናት ማስገደድን ከለከለች። በሕንድ ግን ማስጠናቱ ዛሬም ትልቅ ገበያ ነው። ደመወዙም ፈተናውም እንዳሉ ሆነው ማስጠናትን ብቻ የሚከለክል ሕግ፣ ሥራውን ከትምህርት ቤት ግቢ ወደ መምህሩ ሳሎን ይሸኘዋል፤ እዚያ ደግሞ ደብተር የሚያይ ሱፐርቫይዘር የለም።

የተሻለው መንገድ ሥራውን ሳያጠፉ ሰውየውን ከማርኩ መለየት ይመስላል። የ«ሀ» ሴክሽን መምህር የ«ለ»ን ልጆች ያስጥና፣ የ«ለ»ው የ«ሀ»ን፤ ጥናቱም በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ይሁን፣ ክፍያውና የነፃ ተማሪዎቹ ስም በወላጅ መምህር ኅብረቱ ዘንድ ይመዝገብ። ሁለት መምህራን «አንተ የእኔን፣ እኔ የአንተን» ብለው ቢስማሙ ግን ችግሩ ዞሮ ዞሮ ይመለሳል። ስለዚህ ቴስቱም በጋራ መውጣት፣ ወረቀቱም ስም ሳይሆን የሮል ቁጥር ብቻ ይዞ መታረም ይኖርበታል። ለሒሳብ ይህ ይቻላል፤ አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ብዙ የሒሳብ መምህር አለው።

ፊዚክስ ላይ ግን ይከብዳል። በገጠር ባለ አነስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአንድ የክፍል ደረጃ ያለው የፊዚክስ መምህር አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የሚለዋወጠው ሰው የለውም። የቀረው አማራጭ የፈተና ወረቀቱን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መላክ ነው። ዳባትና ደባርቅ በጎንደሩ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ የታሸገ ፖስታ ጠዋት በሚኒባስ ቢወጣ ከምሳ በፊት ይደርሳል። እዚያ የሚጠብቀው መምህር ግን የራሱ 60 ተማሪ ያለበት ሰው ነው። የሌላ ትምህርት ቤት 60 ወረቀት ሲጨመርበት የሚከፍለው ማን ነው የሚለው፣ ወረዳው በጀት ሲያወጣ አንድ መስመር ይፈልጋል፤ ያ መስመር ካልተጻፈ ፖስታው እንደታሸገ ጠረጴዛው ላይ ይሰነብታል።