«ዋጋ በውስጥ መስመር» እያላችሁ የቪዲዮ ሐሳብ አትፈልጉ

የኦንላይን ሱቅ ከፍታችሁ «ለቲክቶክ ምን እንሥራ፣ ሐሳብ አለቀብን» የምትሉ ሰዎች ግራ ታጋቡኛላችሁ። ሐሳቡ እኮ ደንበኛው በየቀኑ እየጻፈ የሚልክላችሁ ነው፤ የጠፋው የሚያነበው ሰው ነው። በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ለምሳሌ የሴት ስኒከር የሚሸጥ ሱቅ እንውሰድ።

1. ጥያቄውን አንድ ቦታ ሰብስቡ። በኮምፒውተር በሚከፈተው ቴሌግራም Export Telegram data የሚል አለ፤ የውስጥ መስመሩን ንግግር በሙሉ በአንድ ጊዜ ያወጣላችኋል። ስትፈልጉ «ዋጋ» ብላችሁ ብቻ አትፈልጉ። ያው ሰው «ስንት ነው»፣ sint new ወይም waga ብሎ ይጽፋልና ግማሹ ያመልጣችኋል።

2. የዋጋን ጥያቄ ለይታችሁ አውጡ። እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ከማን እንደመጣ አላውቅም፤ በየሥልጠናው ግን እንደ ጥበብ ይሰጣል፣ ሰርተፊኬትም ይታደልበታል። ኮሜንት ይበዛል፣ ኮሜንት ሲበዛ ቪዲዮው ይሰራጫል ነው ነገሩ። የሚበዛው ኮሜንት ግን አንድ ዓይነት ነው። መቶ ሰው «ስንት ነው?» ሲላችሁ ስለ ጫማው ምንም አልነገራችሁም፤ የነገራችሁ የደበቃችሁትን ነገር ብቻ ነው። ከዚያ በታች «ዝናብ ያስገባል?» ብላ የጠየቀችው ሴት ሳትታይ ትቀራለች።

«ተፎካካሪ ዋጋዬን ያያል» ትላላችሁ። ተፎካካሪያችሁም ስልክ አለው፤ እንደ ደንበኛ ሆኖ ይጠይቃችኋል። «ዋጋው ካስደነገጠው ሰውየው ይሄዳል» የሚለው መከራከሪያ ይሻላል፤ ቢሆንም ያ ሰው ውስጥ መስመር ገብቶ ሲሰማም ይሄዳል፣ ልዩነቱ የእናንተን ጊዜ ይዞ መሄዱ ነው። ዋጋው ቪዲዮው ላይ ይጻፍ። ያን ጊዜ የሚቀረው ጥያቄ ትክክለኛ ጥርጣሬ ይሆናል፤ ማስታወቂያ የሚሠራውም ከጥርጣሬ ነው።

3. ከቀረው ውስጥ ደግሞ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ የተጠየቀው ሳይሆን ሽያጭ ያስቀረው ነው። ንግግሩን ከታች ወደ ላይ አንብቡት፤ ደንበኛው ዝም ከማለቱ በፊት የጠየቀው የመጨረሻው ነገር ምን ነበር? «ሱቃችሁ የት ነው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላም የሚገዛ ብዙ ነው። በጫማ ላይ ግን «እኔ 38 ነው የማደርገው፣ ይሆነኛል?» ተብሎ «አዎ ይሆናል» ከተመለሰ በኋላ ዝምታ ከበዛ፣ መልሱ አላሳመነም ማለት ነው። አስተያየቱንም እዩት። «በጣም አሪፍ ነው» የሚለው ለቪዲዮ አይጠቅምም። «ቆንጆ ነው፣ ግን ጠበበኝ» የሚለው ግን ያንኑ ጥርጣሬ ከገዛችው ሰው በኩል ያረጋግጥላችኋል።

«38 ይሆነኛል?» ያለችው ደንበኛ ጥርጣሬም ልክ ነው። በአውሮፓው አቆጣጠር አንድ ቁጥር የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፤ 38 ማለት 25.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ግን ጫማው የተሠራበት ቅርጽ ርዝመት እንጂ የእግር ርዝመት አይደለም፤ ለጣት የሚተወውን ቦታ ደግሞ እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደፈለገ ይተዋል። በተለመደው የቻይና አቆጣጠር እግሩ በሴንቲ ሜትር ተለክቶ በሁለት ተባዝቶ 10 ይቀነሳል፤ 24 ሴንቲ ሜትር 38 ይመጣል። ስለዚህ «38 አለን» የሚለው መልስ መልስ አይደለም።

4. ቪዲዮው እንግዲህ ራሱን ጻፈ። መጀመሪያ የሷው ጥያቄ በሷው ቃል ስክሪኑ ላይ ይውጣ፤ ቲክቶክ ለኮሜንት በቪዲዮ መመለስ ስለሚፈቅድ ኮሜንቱ እንዳለ ይለጠፋል። ከውስጥ መስመር ከወሰዳችሁት ግን ስሟንና ፎቶዋን ሸፍኑ። ቀጥሎ ተረከዝ ግድግዳ ነክቶ እግር ወረቀት ላይ ይቆማል፣ ረጅሙ ጣት ጋ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረጋል፣ በማስመሪያ ይለካል። ከዚያ የጫማው የውስጥ ንጣፍ ወጥቶ በዚያው ማስመሪያ ይለካና «እግርሽ 24 ከሆነ ይሄን፣ ከዚያ ካለፈ 39ኙን» ይባላል። ዋጋና ካልሆነ የመቀየር ሁኔታ፣ አለቀ። ሃያ ሰከንድ ይበቃዋል፤ ሙዚቃም ጭፈራም አያስፈልገውም።

«ገና ጀማሪ ነን፣ አስተያየት የለንም» ለምትሉ፦ ተመሳሳይ ጫማ የሚሸጡ የሌሎች ገጾች ላይ ደንበኛ ምን እንደሚጠይቅ አንብቡ። ጥያቄውን መዋስ ይቻላል። ምስጋናውን ወስዶ «ደንበኛችን እንዲህ አለች» ማለት ግን ውሸት ነው፤ አሜሪካ ሆናችሁ የምትሸጡ ደግሞ ከጥቅምት 2024 በአውሮፓውያኑ ጀምሮ የሐሰት አስተያየትን በግልጽ የሚከለክል የፌዴራል ደንብ እንዳለ እወቁ።

5. ውጤቱን በዕይታ ብዛት አትለኩት። የቁጥር ጥያቄው ከቀነሰ፣ «ጠበበኝ» ብሎ የሚመልሰውም ከቀነሰ ቪዲዮው ሠርቷል። ዕይታው በዝቶ ያው ጥያቄ ከቀጠለ መልሱ አልታየም ማለት ነውና ልኬቱን ወደ መጀመሪያው ሰከንድ አምጡት። የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች «ሶሉ ለቀቀ» ካሏችሁ ግን ካሜራውን አስቀምጡና ያመጣላችሁን ነጋዴ ደውላችሁ አነጋግሩ።